ከልምምድ ፔስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሰዓት፦ የእርምጃ አትሌትን ውጤት አስቀድሞ ስለ ማስላት

የተከበራችሁ የክለብ አሰልጣኞች፣ ውድ የእርምጃ አትሌቶች፣ በዳኝነትና በሰዓት ያዥነት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ከሩቅ ቦታ በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

በየልምምድ ሜዳው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጅቷ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ እየሄደች ትለማመዳለች፤ 20 ኪሎ ሜትሩን በስንት ትጨርሳለች?» ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን በ20 እናባዛለን፤ 1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይመጣል፤ ያንንም በወረቀት ጽፈን ለአትሌቷ እንሰጣታለን። ዛሬ ይህችኑ አትሌትና ይህንኑ ፔስ ይዤ፣ ያ ቁጥር መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ በሦስት ደቂቃ እንደሚስት፣ በእሱ ፋንታ ምን ማስላት እንደሚገባን አሳያችኋለሁ። ንግግሬ በሦስት ነገሮች ላይ ይሆናል። መጀመሪያ የትኛው የልምምድ ፔስ ለስሌት እንደሚያገለግል፣ ቀጥሎ ከዚያ ፔስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር እንዴት እንደሚሻገር፣ በመጨረሻ ደግሞ የውድድሩ ቦታና ዳኛው በስሌቱ ላይ ምን እንደሚያደርጉ።

የመጀመሪያውን ነገር ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። አንድ የእርምጃ አትሌት በሳምንት ውስጥ ብዙ ዓይነት ፔስ ይሄዳል። ቀላል ልምምድ አለው፣ ረጅም ልምምድ አለው፣ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚያርፍበት ኢንተርቫል አለው፣ ቴምፖ አለው። ከእነዚህ የትኛው ነው ስለ 20 ኪሎ ሜትር የሚነግረን?

ቀላል ልምምዱ አይነግረንም። አብረው የሚለማመዱ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ሆነው፣ እያወሩ፣ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አካባቢ ይሄዱ ነበር። መዝገባቸውን ያየ ሰው እኩል ናቸው ይላል። በውድድር ቀን ግን አንደኛዋ ከሌላዋ ከአምስት ደቂቃ በላይ ትቀድማለች። ቀላል ልምምድ ሰውነት ከአቅሙ ብዙ ዝቅ ብሎ የሚሠራበት ስለሆነ፣ አንዷ ወደ ጣሪያዋ ተጠግታ፣ ሌላዋ ከጣሪያዋ ርቃ በአንድ ፔስ ሊሄዱ ይችላሉ። ለዚህም ነው የእጅ ሰዓቱ በሳምንቱ መጨረሻ የሚያወጣውን የሳምንት አማካይ ፔስ ለስሌት አልጠቀምበትም የምለው፤ ያ አማካይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በሳምንቱ ውስጥ ስንት ቀላል ቀን እንደነበረ ነው።

ኢንተርቫሉስ? እሱ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያሳስታል። አንድ ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ያረፈ አትሌት፣ በዚያ ፔስ ሃያውን ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት አይደለም። በእረፍቱ ጊዜ ሰውነቱ የተጠራቀመውን ድካም እየጣለ ነው፤ ውድድሩ ግን እረፍት የለውም።

እንግዲህ የምንፈልገው አትሌቱ በውድድር መንፈስ አንድ ሰዓት ያህል ሊይዘው የሚችለውን ፔስ ነው። የስፖርት ሳይንስ ሰዎች በደም ውስጥ ያለ ላክቴት መጠራቀም ከሚጀምርበት ደረጃ ጋር ያያይዙታል፤ እኔ ለዛሬው «የአንድ ሰዓት ፔስ» እለዋለሁ። ከዚህ በላይ የሄደ ሰው ድካሙ እየተጠራቀመ ሄዶ ያቆመዋል፤ በዚህ ላይ ወይም ከዚህ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሄደ ሰው ለረጅም ጊዜ ይጸናል። የ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚፈጅ በመሆኑ ለዚህ ፔስ በጣም ቅርብ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ነገር መገመት ደግሞ ከሩቅ ከመገመት ይሻላል።

ይህን ፔስ ለማግኘት አትሌቱን አንድ ሰዓት ሙሉ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ያ ራሱ ውድድር ነው፤ ለቀጣዩ ሳምንት ልምምድም ዋጋ ያስከፍላል። እኔ የምጠቀመው አራት ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ የሁለት ደቂቃ ቀስታ ሂደት ብቻ ያለበትን ልምምድ ነው። ሁለት ደቂቃ ስል ሁለት ደቂቃ ማለቴ ነው። እረፍቱ አምስት ደቂቃ ከሆነ ልምምዱ ኢንተርቫል ሆነ ማለት ነው፤ የሚወጣው ቁጥርም ከእውነቱ የፈጠነ ይሆናል። ልምምዱ ከውድድሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሁለት ቀላል ቀናት በኋላ፣ ጠዋት ይደረጋል።

የሚደረግበት ቦታም የተለካ መሆን አለበት። በዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ። የእጅ ሰዓት ጂፒኤስ በአጭር ዙርና በሹል መታጠፊያ ላይ ርቀቱን ያዛባል፤ የእርምጃ ውድድር ደግሞ በባሕርዩ አጭር ዙር ነው። ሰዓቱ በአንድ መቶኛ ብቻ ቢስት፣ ይህ በኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ፣ በ20 ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ ስሕተት ከመነሻው ይዞ የገባ ስሌት ሌላው ሁሉ ቢስተካከልለት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ወይ በ400 ሜትር መም የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ወይም በመለኪያ ጎማ በተለካ የአስፋልት ዙር ላይ ሥሩ፤ ሰዓቱንም በእጃችሁ ያዙ።

አሁን ወደ አትሌቷ እንምጣ። ሦስቱን አራት ኪሎ ሜትሮች በቅደም ተከተል በኪሎ ሜትር 4:59፣ 4:58 እና 4:57 ሄደች እንበል። አማካዩ 4:58 ነው። ሌላ አትሌት ደግሞ 4:52፣ 4:57 እና 5:05 ሄደች። የሷም አማካይ 4:58 ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው?

አይደሉም፤ ምንም እኩል አይደሉም! የመጀመሪያዋ ፔሱን ይዛዋለች፤ ምናልባትም ጥቂት ተርፏታል። ሁለተኛዋ ከአንድ ሰዓት ፔሷ በላይ ጀምራ ከፍላበታለች። ለሁለተኛዋ አማካዩን አልወስድም፤ የመጨረሻውን አራት ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 5:05ን ነው የምወስደው፤ ከተጠራቀመው ድካም ጋር የሄደችበት ፔስ እሱ ነውና። በኋላ የምነግራችሁን ስሌት ተከትለን ብንሄድ፣ በዚህ ልዩነት ብቻ የሁለቱ የ20 ኪሎ ሜትር ግምት በሁለት ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይራራቃል። አማካይ ቁጥሩን ብቻ የሚመዘግብ አሰልጣኝ ይህን አያይም። ስለዚህ የየኪሎ ሜትሩን ሰዓት ጻፉ፤ የልብ ምት መለኪያ ያላችሁም ከመጀመሪያው አራት ኪሎ ሜትር ወደ ሦስተኛው ምቱ ምን ያህል እንደጨመረ አስተያዩ። ፔሱ ሳይለወጥ ምቱ ያለ ማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ አትሌቱ ከአንድ ሰዓት ፔሱ በላይ ነው ያለው።

አንድ ነገር ሳልናገር ከዚህ አላልፍም፤ ይህ ለሯጮች የማይነሣ፣ ለእኛ ግን የማይቀር ነገር ነው። የሄደችው በእርግጥ እርምጃ ነው ወይ? ሕጉን ታውቁታላችሁ። በሰው ዓይን በሚታይ መልኩ ሁለቱም እግሮች ከመሬት መነሣት የለባቸውም፤ ወደ ፊት የተዘረጋው እግርም መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከሚቆምበት ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። በልምምድ ላይ ዳኛ የለም። ዳኛ በሌለበት የተገኘ 4:50 በዳኛ ፊት 5:00 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሌታችን የተሠራው በሌላ ስፖርት ቁጥር ነው።

እንዴት እናውቃለን? ዛሬ ብዙዎቹ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ የዝግታ ቪዲዮ አላቸው። በሦስተኛው አራት ኪሎ ሜትር መጨረሻ፣ ድካሙ በገባበት ሰዓት፣ ስልኩን በጉልበት ከፍታ በጎን አቁሙና ስታልፍ ቅረጿት። ከዚያ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፋችሁ ሁለቱም እግሮች በአየር ላይ ያሉባቸውን ቁጠሩ። በሰለጠኑ አትሌቶች ዘንድ ጥቂት ምስሎች መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ዓይን ከ0.04 ሰከንድ ያጠረውን አያየውም። በሰከንድ 240 ምስል ሲሆን 0.04 ሰከንድ ወደ 10 ምስል ይጠጋል። ስለዚህ ቁጥሩ በተደጋጋሚ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያ ፔስ ለስሌት አይገባም፤ ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ ፔሱን አዝግማችሁ ሌላ ቀን ልምምዱን ድገሙት። የኛዋ አትሌት ሰባትና ስምንት ምስል ላይ ነበረች፤ ይለፍ አልኳት።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር። በእጃችን 12 ኪሎ ሜትር በ4:58፣ ማለትም 59 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አለን። ልብ በሉ፤ ለዚህች አትሌት 12 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ እረፍት አጭር የሆነበትን ይህን ልምምድ የ12 ኪሎ ሜትር ውድድር እንደሄደች አድርገን ልንወስደው እንችላለን። ከ12 ወደ 20 ግን ምን ያህል ትዘገያለች?

ፒተር ሪገል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሯጮች አንድ ቀላል ቀመር አቅርቧል፤ እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

T2 = T1 × (D2 / D1)^1.06

T1 የታወቀው ሰዓት፣ D1 የታወቀው ርቀት፣ D2 የምንፈልገው ርቀት ነው። በቃል ስንናገረው፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የኪሎ ሜትር ፔሱ በ4 በመቶ ገደማ ይዘገያል ማለት ነው። ሪገል እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሰፋ ያለ ጽሑፍ እርምጃንም መርምሮ፣ የእርምጃው ቁጥር ከሩጫው ያነሰና ወደ 1.05 የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። እኔ የ20 ኪሎ ሜትር ልምድ ለሌለው አትሌት 1.06ን፣ ርቀቱን ደጋግሞ ለሄደ ደግሞ 1.05ን እወስዳለሁ። ለኛዋ አትሌት 1.06ን እንውሰድ። ከ12 ወደ 20 ስንሻገር ፔሱ በ3.1 በመቶ ይዘገያል፤ 298 ሰከንድ የነበረው 307.3 ይሆናል፤ በ20 ስናባዛው 6145 ሰከንድ፣ ይኸውም 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። በ1.05 ብንሠራው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቀንስ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን መምረጥ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ከላይ የነገርኳችሁ የልምምዱ ጥራት ከዚህ የበለጠ ይመዝናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ ይህ 3 በመቶ ለሁሉም ይሠራል ወይ? አይሠራም። መዘግየቱን የሚወስነው ከርቀቱ ይልቅ አትሌቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ስንት ደቂቃ በመንገድ ላይ እንደሚቆይ ነው። ምስጋና ዋቁማ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ስድስተኛ ሆኖ በ1:19:31 ሲጨርስ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ3:59 በታች ነው የሄደው። እንዲህ ያለ አትሌት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ፔሱ የሚዘገየው ከ2 በመቶ ባነሰ ነው። በ1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ለምትጨርሰው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ገና 42 ደቂቃ አለ። ለፈጣኑ ወንድ የሠራነውን ተቀናሽ ለጀማሪዋ ልጅ ብንገለብጠው ከአንድ ደቂቃ በላይ ያሳስተናል፤ ስለዚህ ለፈጣኑ አትሌት ልምምዱን አምስት ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ አድርጉትና D1ን 15 አድርጋችሁ አስሉ።

አሁን ሦስተኛው ነገር ቀረን፤ ውድድሩ የት ነው? ያገኘነው 1:42:25 የተሠራው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተደረገ ልምምድ ነው። ውድድሩም እዚሁ ከሆነ ቁጥሩ ይቆማል። ዝቅ ባለ ከተማ ከሆነ ግን አየሩ በኦክስጅን የበለጸገ ስለሆነ አትሌቷ ትፈጥናለች። በምን ያህል? ይህን ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ አልወስደውም፤ ሰው ከሰው በጣም ይለያያልና። ከራሷ መዝገብ ነው የምወስደው።

መዝገቧ ምን ይላል? ባለፈው የውድድር ዘመን እዚሁ ሜዳ ላይ ይህንኑ ልምምድ በ5:10 ሠርታ ነበር። በቀመሩ 310 ሰከንድ በ1.031 ተባዝቶ፣ 20 ኪሎ ሜትሩ 1:46:33 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ባለ ከተማ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት፣ ያለ ምንም ቅጣት የሄደችው 1:42:50 ነበር። ሁለቱን ስናካፍል 0.965 ይመጣል፤ ዝቅ ያለው ቦታ 3.5 በመቶ ሰጥቷታል ማለት ነው። ይህ የእሷ ቁጥር ነው። የጓደኛዋ 2.5 ሊሆን ይችላል፤ የሌላዋ 4.5። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ለእያንዳንዱ አትሌት ይህን አንድ ቁጥር ይዞ ቢገኝ ስንት ክርክር ይቀርልን ነበር!

የዘንድሮው ውድድርም በዚያው ዓይነት ቦታና ሰዓት ስለነበረ 6145 ሰከንድን በ0.965 አባዛን፤ 5930 ሰከንድ፣ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሆነ። በዚህ ላይ ከላይም ከታችም አንድ በመቶ ጨምረን፣ «ከ1:37:50 እስከ 1:39:50 ባለው ውስጥ ትጨርሻለሽ፤ በኪሎ ሜትር 4:56 ጀምሪ» አልናት። አንድ ነጠላ ቁጥር አልሰጠናትም፤ በልምምድ ቀኑ ነፋስ፣ በእንቅልፏና በአስፋልቱ ምክንያት የአንድ በመቶ መዋዠቅ ሁልጊዜም ይኖራል።

የሆነውን ልንገራችሁ። እስከ 12ኛው ኪሎ ሜትር በየኪሎ ሜትሩ 4:56 ሄደች፤ 59 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። እዚያ ላይ ሁለት ቀይ ካርድ በሰሌዳው ላይ ወጣባት። አስተውሎ የሚሄድ አትሌት ሦስተኛውን አይጠብቅም፤ እሷም እርምጃዋን አሳጠረች፤ ቀሪውን ስምንት ኪሎ ሜትር በ5:00 ሄደች፤ 40 ደቂቃ። ጠቅላላው 1:39:12 ሆነ፤ ከገመትነው ክልል ውስጥ ገባ። ያለ ካርዶቹ በዚያው ፔስ ብትቀጥል 1:38:40 ነበር።

አሁን መጀመሪያ ላይ በ20 አባዝተን ያገኘነውን አስታውሱ፤ 1:39:20 ነበር። ከእውነተኛው ውጤት በስምንት ሰከንድ ብቻ ነው የሚርቀው! «ታዲያ ይህን ሁሉ ስሌት ምን አመጣው?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ስሕተቶች ተጣፍተው ነው የሚል ነው። ማባዛቱ ከ12 ወደ 20 ያለውን የ3.1 በመቶ መዘግየት ረሳ፤ የቦታውን የ3.5 በመቶ ጥቅምም ረሳ፤ አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያው ማባዛት በሦስት ደቂቃ ይስት ነበር፤ አትሌቷም ሊያዝ የማይችል ፔስ ይዛ ተነሥታ ከ12ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ትሰበር ነበር። ደጋ ላይ ተለማምዶ ቆላ ላይ የሚወዳደር አሰልጣኝ በማባዛት ለዓመታት ሲሳካለት ኖሮ፣ አንድ ቀን በአገር ውስጥ ሻምፒዮና ላይ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱስ? እሱን በአንድ ምሳሌ ብቻ ላሳያችሁ። ጣሊያናዊው ማሲሞ ስታኖ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2021 በሳፖሮ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ በተጀመረና ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ በነበረ ውድድር ነው፤ ሰዓቱ 1:21:05 ነበር። ያው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ፣ በጠዋት በተደረገ ውድድር አራተኛ ሆኖ በ1:19:12 ጨረሰ። ያነሰ ሰዓት፣ ግን ወርቅ የለም፤ በየኪሎ ሜትሩ ወደ ስድስት ሰከንድ የሚጠጋ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሁሉ ሙቀት ነው አልልም፤ በሳፖሮ መሪዎቹ እርስ በርስ እየተጠባበቁ መሄዳቸውም አለበት። ነገር ግን በቀዝቃዛ ጠዋት የተሠራን ስሌት ለሞቃት ከሰዓት በኋላ ይዞ የሚገባ አሰልጣኝ በኪሎ ሜትር ጥቂት ሰከንዶችን ካልጨመረ ግምቱ አይቆምለትም።

የመጨረሻው የዳኛው ጉዳይ ነው። የቅጣት ቦታ በተዘጋጀበት የ20 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ቀይ ካርድ ያገኘ አትሌት ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፤ አራተኛው ካርድ ከውድድሩ ያስወጣዋል። የቅጣት ቦታ በሌለበት ደግሞ ሦስተኛው ካርድ ራሱ ያስወጣል። ሁለት ደቂቃ ለ20 ሲካፈል በየኪሎ ሜትሩ ስድስት ሰከንድ ነው። ስድስት ሰከንድ በልምምድ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ እናንተ ታውቃላችሁ! በሳፖሮው የሴቶች ውድድር ብራዚላዊቷ ኤሪካ ደ ሴና በመጨረሻው ዙር ላይ ሦስተኛ ሆና ስትሄድ ሦስተኛው ካርድ ወጣባት፤ ሁለት ደቂቃ ቆማ ስትወጣ ሜዳሊያው ሄዶ አሥራ አንደኛ ሆና ጨረሰች።

ስለዚህ በግምቱ ውስጥ ቅጣቱን በአማካይ አድርጌ አልጨምርም፤ ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም፤ ግማሽ ቅጣት የለም። የማደርገው ሁለት ወረቀት መጻፍ ነው። በአንዱ ላይ ንጹሕ ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ በሌላው ላይ አትሌቷ ሁለት ካርድ ካገኘች በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሰከንድ ማዝገም እንዳለባት እጽፋለሁ። ለኛዋ አትሌት አራት ሰከንድ ብለን ነበር፤ ከ12ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሄደችው በትክክል በዚያ ነው። አራት ሰከንድ በስምንት ኪሎ ሜትር 32 ሰከንድ ነው፤ የተጠበቀው ቅጣት ግን 120 ሰከንድ ነበር። ስሌቱን ውድድሩ ላይ ቆመን በጭንቀት አልሠራነውም፤ ቀደም ብለን ሠርተነዋል፤ እሷም በቃሏ ይዛዋለች።

በየዙሩ የውሃ ጠረጴዛ ላይ ለምትቆሙ ረዳቶችም አንድ ነገር ላክልላችሁ። ዛሬ ትልልቆቹ ውድድሮች የሚካሄዱት በአንድ ወይም በሁለት ኪሎ ሜትር ዙር ላይ ነው። የ5930 ሰከንዱን ግምት በየዙሩ ከፋፍላችሁ በትልቅ ቁጥር ጻፉት፦ 5 ኪሎ ሜትር ላይ 24:42፣ 10 ላይ 49:25፣ 15 ላይ 1:14:07። አትሌቷ 5ኛው ላይ ከዚህ ከ15 ሰከንድ በላይ ቀድማ ከመጣች «ቀስ በይ» በሏት፤ ያ የቀደመችው ጊዜ በቀሪው መንገድ ይወሰድባታልና። 10ኛው ላይ በ15 ሰከንድ ዘግይታ ከመጣች ግን አትጩኹባት፤ ክልሉ ውስጥ ናት።

ከምሳ በኋላ የየራሳችሁን አትሌት መዝገብ ይዛችሁ ኑ፤ የሦስቱን አራት ኪሎ ሜትሮች ሰዓት የጻፋችሁ፣ ካለፈው ውድድር ጋር አካፍለን የእያንዳንዱን የቦታ ቁጥር በሰሌዳው ላይ አብረን እናወጣለን። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።